ቦቱ ሲከፈት ምን ይበል? ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው ረቂቅ

ፀሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የቴሌግራም ቦቱ ዕቅድ አብዛኛው አልቋል። የቀረን አባሉ ቦቱን እንደከፈተ የሚያየው ጽሑፍ ነው። አሁን በእጃችን ያለው ይሄ ነው፦

«እንኳን ደህና መጡ! እኔ የማኅበሩ ዘመናዊ ረዳት ነኝ። ስለ ቡና ማንኛውንም ጥያቄ ይጠይቁኝ። መልሶቼ ሊሳሳቱ ስለሚችሉ ማኅበሩ ኃላፊነት አይወስድም።»

ምን ይጨመር፣ ምን ይቀነስ? እስከ ሐሙስ ጻፉልኝ።

የማና ተወካይ፦ እኔ ደህና ነው ባይ ነኝ፣ ግን አጠረ። የማይችለውን ሁሉ እንዘርዝርበት። ዋጋ፣ ብድር፣ መድኃኒት፣ የአየር ሁኔታ፣ የጥራት ደረጃ፣ ሁሉንም። በኋላ አልተነገረኝም የሚል ሰው እንዳይመጣብን።

የጎማ አባል፦ የዓምናው የትርፍ ክፍፍል ድርሻዬ እስካሁን አልገባልኝም። ቢሮ ስመላለስ ነገ ተመለስ እየተባልኩ ነው። ይሄ ቦት ከመዝገቡ ላይ አይቶ ይነግረኛል ማለት ነው? ከሆነ ቶሎ ይከፈት።

ቦቱን የምትሠራው፦ ጋሼ፣ ቦቱ መዝገብ አያይም። የእርስዎን ጉዳይ ፀሐፊያችን ለሒሳብ ክፍል ያድርሱልን። ግን ጥያቄዎ በጣም ጠቅሞኛል። ቦቱ የማኅበሩን ስም ይዞ ስለሚመጣ ብዙ አባል መጀመሪያ የሚጠይቀው ይሄንኑ የገንዘቡን ነገር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መልእክት «የእርስዎን ሒሳብ አላይም» ማለት አለበት።

የማናው ወንድሜ ገደቡ ይነገር ያልከው ልክ ነው። ዝርዝሩ ላይ ግን አልስማማም። አሥር ነገር ስንደረድር ሰው አንዱንም አያነብም፣ ጣቱ ቀጥታ ወደ ቁልፉ ይሄዳል። «ሊሳሳት ይችላል» የሚለውም ምንም አይከላከልም። የት ላይ እንደሚሳሳት ስላልነገረው አባሉ ወይ ሁሉንም ይጠራጠራል ወይ ሁሉንም ያምናል። እኔ የምለው ከገደቦቹ መሀል ሰው በብዛት የሚጠይቃቸውን፣ መልሱ ከተሳሳተም ጉዳት የሚያመጡትን ሁለት ሦስቱን ብቻ ፊት ላይ እናስቀምጥ። ሌሎቹን ቦቱ ጥያቄው ሲመጣ እዚያው ይናገራቸው። ለምሳሌ 74110ን ስለመሰሉ ከመልኮ የምርምር ማዕከል ስለወጡ ዝርያዎች ሰው ቢጠይቀው ካስገባንለት ጽሑፍ ጠባያቸውን ያስረዳል። ችግኙ ዛሬ ጣቢያው ውስጥ ይኑር አይኑር ግን አያውቅም። ይሄንን እዚያው መልሱ ሥር ቢጽፈው ይበቃል።

የግብርና ባለሙያው፦ ጉዳት ያለው የት ነው ካላችሁ በሽታ መለየት ላይ ነው። አንድ ገበሬ «ቡናዬ ጠወለገ፣ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ» ብሎ ጻፈ እንበል። የውኃ እጥረት ሊሆን ይችላል። ዛፉን ሙሉ በሙሉ የሚያደርቀው በሽታም ሊሆን ይችላል። በጽሑፍ ሲነገር ሁለቱ ይመሳሰላሉ። በሽታው ከሆነ ዛፉ ተነቅሎ እዚያው መቃጠል አለበት። ቦቱ «ውኃ አጥቶ ነው» ካለው ገበሬው ዛፉን ይተወዋል፣ በዚያው ገጀራ ቀጣዩን ማሳ ይመነጥራል፣ በሽታው ደግሞ በገጀራው ቁስል በኩል ወደ ጤነኛው ዛፍ ይገባል። ሰውየው ማሳውን ሁሉ ካጣ በኋላ «ሊሳሳት ይችላል ብለን ነበር» ብንለው ምን ይጠቅመዋል? የመድኃኒት መጠንም እንደዚያው ነው። እነዚህ ሁለቱ ፊት ለፊት ካልተጻፉ እኔ ረቂቁን አልፈርምበትም።

ሰብሳቢ፦ ተስማምቻለሁ። ስም ግን እንስጠው፣ «እትዬ ቡኒቱ» ቢባል አባላት ይቀርቡታል።

ቦቱን የምትሠራው፦ ሰብሳቢያችን፣ እሱ ያሳስበኛል። በ1966 ጆሴፍ ዋይዘንባም የሠራው ኢላይዛ የሚባል ፕሮግራም የተጠቃሚውን ንግግር እየገለበጠ መልሶ ከመጠየቅ የዘለለ ነገር አልነበረውም። እንዲያም ሆኖ ሰዎች የልባቸውን ይነግሩት ነበር። «እትዬ» ብለን ከጀመርን አባሉ ሰው ከጀርባ የተቀመጠ ይመስለዋል፣ የቤቱን ጉዳይ ያወራዋል፣ ነገ መልስ ይጠብቃል። ስሙን ማስቀረት ካልተቻለ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሰው አለመሆኑን ይናገር።

ሌላ ነገር ልጨምር። ቴሌግራም ላይ START ከመነካቱ በፊት ባዶው ገጽ ላይ የሚታይ ጽሑፍ አለ። የሚገባው በ`/setdescription` ነው፣ ከ512 ፊደልና ምልክት አይበልጥም። ሰው ልጀምር አልጀምር ብሎ የሚወስነው እሱን አይቶ ነው። እዚያ ላይ ቦቱ ለምን እንደሆነና ሰው አለመሆኑ ይጻፍ። ከSTART በኋላ ደግሞ ይሄ ይምጣ፦

«ሰላም። እኔ ሰው አይደለሁም፤ የማኅበሩ ፕሮግራም ነኝ። ስለ ችግኝ፣ ስለ ለቀማና ስለ ጀንፈል ማድረቅ ማኅበሩ ካስገባልኝ ጽሑፍ እመልሳለሁ።
ቡናዎ ከታመመ በሽታውን መለየት አልችልም፤ የመድኃኒት መጠንም አልናገርም። ባለሙያ ያግኙ።
የእርስዎን ሒሳብ አላይም።»

ከሥሩ ሦስት ቁልፎች፦ «ችግኝ መቼ ይተከላል?»፣ «ጀንፈል እንዴት ይደርቃል?»፣ «ባለሙያ ላግኝ»። በትንሽ ስልክ ሁለት ቁልፍ ጎን ለጎን ከገባ ጽሑፉ ስለሚቆረጥ እያንዳንዱ ለብቻው መስመር ይያዝ። ጥያቄዎቹን እንዳሉ ቁልፍ ያደረግናቸው አባሉ እንዴት ብሎ መጠየቅ እንደሚችል ከዚያው እንዲያይ ነው። ሦስተኛው ቁልፍ ግን ስልክ ቁጥር ካላወጣ ባይኖር ይሻላል።

የግብርና ባለሙያው፦ የእኔን የሥራ ስልክ አስገቡ። ቅዳሜና እሁድ እንደማላነሳ ግን እዚያው ይጻፍ።

የሊሙ ወጣቶች ተወካይ፦ እናቴ ማንበብ አትችልም። በእኛ ቀበሌ እንደሷ ያሉ ብዙ ናቸው። የመጀመሪያው መልእክት በድምፅ ቢላክስ? ደግሞ ሁሉም አማርኛ አይደለም የሚናገረው፣ ጅማ ላይ ሆነን አፋን ኦሮሞን ኋላ ማምጣት አይሆንም።

ቦቱን የምትሠራው፦ ቋንቋው ላይ ትክክል ነሽ እህቴ። ከSTART ቀጥሎ አማርኛና Afaan Oromoo የሚሉ ሁለት ቁልፎች ይምጡ፣ ከዚያ መልእክቱ በተመረጠው ይከተል። ከSTART በፊት ያለው ግን ምርጫ ስለሌለው 512ቱን ለሁለቱም ማካፈል አለብን፣ ስለዚህ በጣም ማጠር አለበት። ድምፁ ላይ ግን እፈራለሁ። እኛ በድምፅ ካናገርናቸው እነሱም በድምፅ ይመልሳሉ፣ ቦቱ ደግሞ ለጊዜው ድምፅ አይሰማም። መልስ ሲያጡ ተሰደብን ነው የሚሉት። መፍትሔ ያለው ካለ ይጻፍ፣ እኔ እስካሁን አላገኘሁም።

የማና ተወካይ፦ ዋጋስ? ጥያቄው እንደሚጎርፍ እወቁ። «ዋጋ አልናገርም» እንበል?

ቦቱን የምትሠራው፦ አንድ ሰው በየጠዋቱ ዋጋውን ካስገባ ቀኑን ጠቅሶ ሊናገር ይችላል። ማነው የሚያስገባው? ሰው ካልተመደበ አዎ፣ «የዕለቱን ዋጋ አላውቅም» የሚል አራተኛ ገደብ ይጨመር። የትናንቱን ዋጋ የዛሬ አድርጎ ከሚናገር እሱ ይሻላል።

ከመቅረቡ በፊት እንፈትሸው። ስልኩን ስለ ቦቱ ሰምተው ለማያውቁ አምስት አባላት ስጧቸው፣ ካነበቡ በኋላ ተቀበሏቸውና «ምን ትጠይቀዋለህ? ምን አትጠይቀውም?» በሏቸው። ሁለተኛውን መመለስ ካቃታቸው ገደቡ አልታየም። ከተከፈተ በኋላም ከ`/start` ቀጥሎ የሚመጣውን የመጀመሪያ ጽሑፍ እናያለን። «ሰላም»፣ «አለህ?» ከበዛ ሰዉ ምን እንደሚጠይቅ አልገባውም ማለት ነው።

ፀሐፊ፦ ሁለተኛውን ረቂቅ ይዣለሁ። ፈተናውን በማናና በሊሙ እናድርግ፣ ተወካዮቹ አባላቱን ምረጡ። የስሙ፣ የዋጋውና የድምፁ ጉዳይ ክፍት ሆነው ለጉባኤው ይቀርባሉ። ጋሼ የጎማው፣ የአባልነት ቁጥርዎን በግል ይላኩልኝ፣ ነገ ሒሳብ ክፍል እገባለሁ።