ልጅን ከውርስ መንቀል፦ አባት ምክንያቱን መጻፍ አለበት?

ጠያቂ፦ አጎቴ ደብረ ማርቆስ ነው የሚኖረው። ከአራት ልጆቹ ትልቁን በኑዛዜ ሊነቅለው ነው። «ንብረቱ የኔ ነው፣ ለምን ብዬ ለማንም አላብራራም» ይላል። ይችላል ወይ? ደግሞስ ሕጉ አባትን «ለምን ነቀልከው» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው?

የቡሬው፦ ምን ጥያቄ አለው፣ ይችላል እንጂ። ላቡን ያፈሰሰው እሱ ነው። አባቱን ዞር ብሎ ያላየ ልጅ፣ ለቅሶው ላይ ነጠላ አዘቅዝቆ መጥቶ በሦስተኛው ቀን የቤት ካርታ ሲጠይቅ አላያችሁም? እኔ ብዙ አይቻለሁ። ዳኛ ምን አግብቶት ነው በሰው ጓዳ የሚገባው?

ጡረተኛው ሬጅስትራር፦ ወንድሜ፣ ስሜትህ ይገባኛል፣ ሕጉ ግን እንደዚያ አይልም። ለወንድም፣ ለእህት፣ ለአክስት ልጅ ከሆነ ምክንያት አይጠየቅም፣ «ነቅያለሁ» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ልጅና የልጅ ልጅ ሲሆን ነው የሚለየው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 938 መሠረት ምክንያቱ እዚያው ኑዛዜው ውስጥ በግልጽ መጻፍ አለበት። ካልተጻፈ መንቀሉ አይጸናም፣ ልጁ እንደሌሎቹ ይወርሳል።

ሰው የሚስተው ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ አባት ምክንያቱን ይጽፋል እንጂ በሕይወት ሳለ ለማንም አያስረዳም፣ ምስክር ቆጥሮ የሚያረጋግጠውም ነገር የለም። ሁለተኛ፣ ዳኛው የተጻፈውን እንደ እውነት ይዞ ነው የሚነሳው። የሚመዝነው «ይህ እውነት ከሆነ ልጅን ለመንቀል ይበቃል ወይ?» የሚለውን ነው። «ደብድቦኛል»፣ «ታምሜ አልጋ ላይ ስወድቅ እያወቀ ጥሎኝ ሄደ» የሚል አንድ ነገር ነው። «ጠባዩ አይጥመኝም» ወይም «ሳላማክር ሚስት አገባ» የሚል ደግሞ ሌላ። ሁለተኛው ዓይነት ዳኛ ፊት ይወድቃል ብለህ ጠብቅ።

የቡሬው፦ እንግዲያ ሕጉ ምክንያቶቹን ለምን አልዘረዘራቸውም? አንዱ ዳኛ ይበቃል ሊል ነው፣ ሌላው አይበቃም።

መሪጌታ፦ ፍትሐ ነገሥት እኮ ልጅ ከውርስ የሚወጣበትን ምክንያት እየጠራ ይናገራል፣ ወላጁን መምታት አንዱ ነው። በእኔ እይታ ያ ይሻል ነበር። ልጁም ምን ቢያደርግ እንደሚነቀል አውቆ ያድጋል። አሁን ግን ለአባትም ለልጅም ጭጋግ ነው።

የሞጣዋ፦ የኛን ልንገራችሁ። አባታችን ነፍሱ ሊወጣ ሲል የነፍስ አባቱና ሁለት ሽማግሌዎች ባሉበት «እገሌን ረግሜዋለሁ፣ ከኔ ዕቃ ማንኪያ እንዳይነካ» ብሏል። ወንድሜ ግን ዛሬ ቤቱን ሊካፈል ተነስቷል። የሟች ቃል አይከበርም ማለት ነው? የአባት እርግማን ቀልድ ነው?

ጡረተኛው ሬጅስትራር፦ እታለም፣ እርግማኑን ለመሪጌታ ልተወው። ሕጉ የቃል ኑዛዜን ያውቃል፣ ግን በጣም ጠባብ ነው። ሞቱ የተቃረበበት ሰው ለሁለት ምስክሮች ስለ ቀብሩ፣ ለሕፃናት ልጆቹ ስለሚሾመው ሞግዚት፣ ወይም አነስተኛ ስጦታ ከሆነ መናዘዝ ይችላል። ልጅ መንቀል እዚያ ውስጥ የለም። ስለዚህ ወንድምሽ ይካፈላል።

የጠያቂው አጎት ግን ጊዜ አለው። በጽሑፍ ሲያደርገው ብዙ ኑዛዜ የሚወድቀው በምክንያቱ ሳይሆን በአሠራሩ እንደሆነ ይወቅ። እኔ መዝገብ ቤት ሳለሁ የማየው አንድ ዓይነት ነበር። ሰውየው በጸሐፊ ያስጽፋል፣ ከዚያ ወረቀቱ አንዱ ምስክር ቤት፣ ነገ ሌላው ቤት እየዞረ ይፈረማል። ይህ አይሆንም። አራቱ ምስክሮች ከተናዛዡ ጋር በአንድነት ተቀምጠው፣ ጽሑፉ ተነቦላቸው፣ እዚያው መፈረም አለባቸው። «በፊታችን ተነቧል» የሚለው ቃልና ቀኑም ወረቀቱ ላይ ይስፈር። ያቺ አንድ መስመር ጎድላ ቤት የተበተነበት ጊዜ አለ።

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ ችግሩ እሱ ነው። ልጁ ያደረገው ነገር አሳፋሪ ነው። አጎቴ አራት ጎረቤት ሰብስቦ ያንን ማስነበብ ሞት ነው የሚመስለው።

የቢቸናዋ ጠበቃ፦ ለዚህ መላ አለው። ራሱ በእጁ ይጻፈው፣ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው። ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ይናገር፣ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀንና ፊርማ ያድርግ። ምስክር አያስፈልገውም። ግን ሣጥን ውስጥ ቆልፎ እንዳይተወው። በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል።

በዋናው ክርክር ግን ከየቡሬው ጋር አልስማማም። ምክንያት መጠየቁ ልጅን ለመጠበቅ ነው። ስንት አባት አለ በሁለተኛ ትዳሩ ግፊት የመጀመሪያ ሚስቱን ልጅ የሚነቅል? ምክንያቱን ጻፍ ሲባል ብዕሩ ይቆማል፣ የሚጻፍ የለማ።

የቡሬው፦ ታዲያ ብልጡ አባት ሳይነቅል ዝም ይለዋላ! ቤቱን ለሦስቱ ይሰጥና ለትልቁ አንዲት ላም ይጥልለታል። አልነቀለ፣ ምክንያት አልጻፈ።

የቢቸናዋ ጠበቃ፦ እሱም ወሰን አለው። አጎትየው ከሚስቱ ጋር ያፈራው ቤት 2,400,000 ብር ያወጣል እንበል። ግማሹ የሚስቱ ነው፣ ውርስ ውስጥ አይገባም። 1,200,000 ለአራት ሲካፈል ለአንዱ 300,000 ይደርሳል። ያልተነቀለ ልጅ ከሩብ በላይ ከተጎዳ ኑዛዜው ይስተካከልልኝ ብሎ መክሰስ ይችላል። የ300,000 ሩብ 75,000 ነው፣ ስለዚህ ከ225,000 በታች ከደረሰው በር አለው። ላሟ 60,000 ብታወጣ እንኳ ገና ሩቅ ነው። አባት ሊያበላልጥ ይችላል፣ ግን እስከዚያ ድረስ።

የፍኖተ ሰላሙ፦ ሁላችሁም ስለ ቤት ታወራላችሁ። እኛ ጋ ያለው መሬት ነው። አባቴ ማሳውን ለሚያርስለት ለታናሼ ሊያወርስ ነው፣ እኔን ከተማ ነህ ብሎ። ይህም 938 ነው?

ጡረተኛው ሬጅስትራር፦ እሱ ሌላ መንገድ ነው። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አባትህ ያለው የይዞታ መብት ነው፣ የሚገዛውም በክልሉ የገጠር መሬት ሕግ ነው። እዚያ ትልቁ ጥያቄ ማን ያርሳል፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ወይም የትዳር ጓደኛ ተነቅሏል ወይ የሚለው ነው። አንተ ደመወዝተኛ ጎልማሳ ነህ። ለቤቱና ለከብቱ የምትከራከረውን ክርክር ለማሳው አታምጣው፣ ሁለቱን ቀላቅሎ ከስሶ ስንቱ መዝገቡ ተዘጋበት።

የሞጣዋ፦ ያው ለወንዶች ነው ሁሉም። እኛ ሴቶቹ ማሳ ላይ ስንውል ማን ቆጠረልን?

የቢቸናዋ ጠበቃ፦ እውነትሽን ነው፣ ሕጉ ግን ሴትና ወንድ አይለይም። የሚለየው ሽማግሌው ነው።

መሪጌታ፦ እኔ አንድ ልጠይቅ። ልጁ የተነቀለው በራሱ ጥፋት ነው እንበል። ልጆቹ ግን ምን አጠፉ? አያታቸውን አይወርሱም?

ጡረተኛው ሬጅስትራር፦ የተነቀለ ሰው ከአባቱ ቀድሞ እንደሞተ ይቆጠራል። ከአባቱ ቀድሞ የሞተ ሰው ልጆች ደግሞ በእሱ ቦታ ይተካሉ። ስለዚህ ይገባሉ የሚል ክርክር ጠንካራ ነው።

የቡሬው፦ እንግዲህ አባት በበር ያስወጣው በመስኮት ሊገባ ነው!

የቢቸናዋ ጠበቃ፦ በመስኮት የገቡት ልጆቹ ናቸው፣ እሱ አይደለም። ግን ሕፃናት ከሆኑ ንብረቱን ማን ያስተዳድራል? ያው አባታቸው። ይህ እኔንም ያከራክረኛል።

ጠያቂ፦ አጎቴ ይህን ሲሰማ «እንግዲያ የልጅ ልጆቼንም እነቅላለሁ» ብሏል። አንዷ የ6 ዓመት ልጅ ናት። ለእሷ ምን ምክንያት ሊጽፍ ነው?