ሚስትን ወደ ካናዳ ለማምጣት፦ ጠበቃ፣ ኮንሰልታንት ወይስ ራስ መሙላት?

ሄኖክ (ኤድመንተን)፦ ባለቤቴ አዲስ አበባ ናት። ስፖንሰር ላደርጋት ነው። ጠበቃ 5,500 ዶላር ጠየቀኝ። ፈቃድ ያለው ኮንሰልታንት 3,000 አለኝ። አንድ የሰፈራችን ሰው ደግሞ በ800 እሞላልሃለሁ ይላል። ጓደኛዬ ራስህ ሙላው፣ ብርህን አታባክን ይለኛል። የቱ ይሻላል? ዋጋውስ ልክ ነው?

ጋሽ ተፈራ፦ ልጄ፣ በዚህ ነገር ላይ አትሰስት። ጠበቃ ያዝ። የጠበቃ ስም ያለበትን ፋይል ቶሎ ነው የሚጨርሱት። የገቢ ማስረጃህንም አዘጋጅ። ደመወዝህ ካነሰ ሚስትህን አይፈቅዱልህም።

ዮናስ፦ ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና በሁለቱም አልስማማም። ወኪል ያለውም የሌለውም ፋይል እኩል እንደሚታይ ኢሚግሬሽን ራሱ በድረ ገጹ ጽፎታል። የገቢ መነሻውም ለእናትና ለአባት ነው እንጂ ለትዳር ጓደኛ አይጠየቅም። ዌልፌር ላይ ያለ ሰው ግን፣ በአካል ጉዳት ምክንያት ካልሆነ፣ ስፖንሰር ማድረግ አይችልም።

እኔ በ2022 ራሴ ነው የሞላሁት። አራት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ፎርሞቹ ከባድ አይደሉም። ጊዜ የሚበላው IMM 5532 ነው። እንዴት ተዋወቃችሁ፣ ማን አስተዋወቃችሁ፣ ሠርጉ ላይ እነማን ነበሩ እያለ ይጠይቃል። እኛ ሽማግሌ የተላከበትን ቀን ሳይቀር ጻፍን።

አንድ ስህተት ግን ሠራሁ፣ ልናገረው። የቤተ ክርስቲያን የጋብቻ ወረቀታችን ላይ ቀኑ 12/05/2014 ተብሎ ነበር። ጥር 12 ማለት ነው፣ በኛ አቆጣጠር። በፈረንጅ ጃንዋሪ 20፣ 2022 ይሆናል። ተርጓሚው ሜይ 12፣ 2014 ብሎ ተረጎመው። እኔም ሳላየው አስገባሁት። ፎርሙ ላይ የተዋወቅነው በ2019 ነው ብለናል። በወረቀቱ መሠረት ከመተዋወቃችን አምስት ዓመት በፊት ተጋብተናል! ማብራሪያ የሚጠይቅ ደብዳቤ ከኢሚግሬሽን መጣብኝ። አዲስ ትርጉም ከቃለ መሐላ ጋር ልኬ ተስተካከለ። ዛሬ ሚስቴ አጠገቤ ናት።

ሃና (ካልጋሪ)፦ የእህቴን ታሪክ ልንገርህ ሄኖክ። እሷም እንደዚያ የ800 ዓይነት ሰው ነው የሞላላት። 1,500 ከፈለች። ሰውየው አካውንቱን በራሱ ኢሜይል ከፈተው። ፋይሉ ውድቅ ሲሆን ደብዳቤው ለእሱ ገባ። ይግባኝ ለማለት 30 ቀን ነው ያለው። እሱ ግን ስልክ አያነሳም። የነገራት ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ነው፣ «አዲስ ፋይል እንክፈት፣ ግማሽ ዋጋ አደርግልሻለሁ» ብሎ። እስካሁን ባሏ አልመጣም። እባክህ ወንድሜ፣ ተጠንቀቅ።

ብሩክ፦ ሁሉንም አንድ ላይ አንጨፍልቅ። እኔ በኮንሰልታንት ነው ያመጣኋት። አማርኛ ትናገራለች፣ 2,800 ከፈልኩ፣ አንድ ወረቀት አልጎደለም። ፈቃድ ያለው ኮንሰልታንት እያለ ለጠበቃ እጥፍ የሚከፍል ሰው አይገባኝም።

ከድር (ዱባይ)፦ ሰላም ወገኖች። እኔም ወደ ካናዳ የሥራ ቪዛ እየጀመርኩ ነው። ሥራውን ጭምር እናገኝልሃለን ብለው 6,000 ዶላር ጠየቁኝ። ይሄ ዋጋ ልክ ነው?

ማርታ፦ ከድር ወንድሜ፣ የአንተ ጥያቄ ሌላ ነው። ግን ገንዘብ ከመላክህ በፊት አንድ ነገር ልበልህ። ሥራ ለመቅጠር ከሠራተኛው ገንዘብ መቀበል ካናዳ ውስጥ ክልክል ነው። ሥራና ቪዛ በአንድ ጥቅል የሚሸጥልህን ሰው ስም college-ic.ca ላይ ፈልገው። ከሌለ አትላክለት። ስሙ ቢገኝ እንኳ በዝርዝሩ ላይ ባለው ስልክ ራስህ ደውል። የሌላ ሰው ፈቃድ ቁጥር ይዘው የሚዞሩ አሉ።

ሄኖክ፣ እኔ ጠበቃ ቢሮ ውስጥ ስምንት ዓመት ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ። በቀላሉ ልጀምር። የ800ው ሰው ከምርጫው ይውጣ። ርካሽ ስለሆነ አይደለም። ገንዘብ ተቀብሎ በኢሚግሬሽን ጉዳይ የሚያማክር ሰው ጠበቃ ወይም ፈቃድ ያለው ኮንሰልታንት መሆን አለበት። ኦንታሪዮ ላይ ፓራሊጋልም፣ ኩቤክ ላይ ኖተሪም ይፈቀድለታል። «IMM 5476 ላይ ትፈርማለህ?» ብለህ ጠይቀው። ወኪሉ የአባልነት ቁጥሩን ጽፎ የሚፈርምበት ፎርም ነው። «የኔ ስም ባይኖር ይሻላል» ካለህ መልሱን አገኘህ።

ዋጋውን በተመለከተ። ንጹህ የትዳር ፋይል እኛ ቢሮ 15 ሰዓት ገደማ ይወስድ ነበር። 3,000 ብትከፍል በሰዓት 200 ነው። የሚያስደነግጥ አይደለም። የመንግሥት ክፍያ ለብቻው ነው። በ2024 ኤፕሪል መጨረሻ ላይ በተጨመረው 1,205 ነበር፣ የጣት አሻራው 85። ድምሩ 1,290። በየሁለት ዓመቱ ስለሚጨምር ስትከፍል ድረ ገጹን እይ። ስለዚህ የጠበቃው 5,500 ከ5 ከመቶ ጂኤስቲ ጋር 5,775 ይሆናል፣ በዚያ ዋጋ የመንግሥቱ ሲደመር 7,065። ትርጉምና የሐኪም ምርመራ ገና አልገቡም። ውል ስትፈርም የማብራሪያ ደብዳቤ ቢመጣ መልሱ በዋጋው ውስጥ መሆኑን በጽሑፍ አስገባ። ዮናስ ላይ የመጣው ዓይነት ማለቴ ነው። ብዙ ሰው ሌላ 1,000 የሚጠየቀው እዚያ ላይ ነው። ክፍያውን ለሁለት ክፈለው፣ ግማሹን ስትፈርም፣ ግማሹን ፋይሉ ሊገባ ሲል። «አሳልፍልሃለሁ» ብሎ ዋስትና የሚሰጥህን ደግሞ አትያዝ።

ግን ማን ይሙላው የሚለውን ከመመለሴ በፊት ልጠይቅህ። ከዚህ በፊት ሌላ ትዳር ነበራችሁ? ውድቅ የተደረገ ፋይል አለ? አንተስ ካናዳ እንዴት ገባህ? ያኔ ፎርሙ ላይ ምን ብለህ ሞላህ?

ሄኖክ፦ ውድቅ የተደረገ የለም። ከካርቱም በስደተኝነት፣ በስፖንሰር ነው የመጣሁት። ፋይሉ የገባው በ2016 ነው፣ ያኔ ላጤ ነበርኩ። ከእሷ ጋር እዚያው ካርቱም በ2018 ቤተ ክርስቲያን ተጋባን። በ2019 ካናዳ ገብቼ ላንድ አደረግኩ። ያኔ የሚያግዘን ሰው «አሁን አገባሁ ካልክ ፋይልህ ይዘገያል፣ ዝም በል፣ በኋላ ታመጣታለህ» አለኝ። አሁን አዲስ አበባ ሄጄ በማዘጋጃ ልፈርም ቀጠሮ ይዘናል። አዲስ ተጋቢዎች ነን ብለን ነው የምንሞላው።

ብሩክ፦ ታዲያ ምን ችግር አለው? የማዘጋጃውን ብቻ አስገባ። የካርቱሙን ማን ያውቃል?

ማርታ፦ ብሩክ፣ በወንድምነት ነው የምልህ፣ ይሄን ምክር ለማንም አትስጥ። ሐሰተኛ መረጃ ማስገባት እሷን አምስት ዓመት ያስከለክላታል፣ እሱንም ፒአሩን፣ ማለትም ቋሚ ነዋሪነቱን፣ ሊያሳጣው ይችላል። ደግሞ የሠርጉ ፎቶ የስንት ሰው ስልክ ላይ አለ?

ሄኖክ፣ ያልተነገረህ ነገር ይሄ ነው። ላንድ ስታደርግ የነበረችህን ሚስት ካላስመዘገብክና በዚያን ጊዜ ካልተመረመረች፣ በኋላ በቤተሰብ ፋይል ማምጣት ይከለከላል። የኢሚግሬሽን ደንቡ አንቀጽ 117 ንዑስ ቁጥር 9 ነው። ፋይሉ ሲገባ ላጤ መሆንህ አያድንህም፣ የሚታየው ላንድ ያደረግክበት ቀን ነው። በማዘጋጃ እንደገና መፈረምም አያነጻውም። በዚህ ምክንያት ዓመታት የተለያዩ ብዙ የኛ ሰዎች አይቻለሁ። እውነተኛ ትዳር ነው፣ ልጅም አላቸው፣ ግን መንገዱ ተዘጋ።

ሁሉም አልተዘጋም ደግሞ። ካርቱም ላይ ያደረጋችሁት ጋብቻ በሱዳን ሕግ የጸና ነበር ወይ? አብራችሁ አንድ ዓመት ኖራችኋል ወይ? መልሶቹ ብዙ ነገር ይለውጣሉ። በ2019 ደግሞ ስደተኛ ሆነው ገብተው ቤተሰባቸውን ላላስመዘገቡ ሰዎች ጊዜያዊ መመሪያ ወጥቶ ሲራዘም ቆይቷል። የጊዜ ገደብ ስላለው በምታስገባበት ቀን በሥራ ላይ መሆኑ መታየት አለበት። ይሄ የኮንሰልታንት ፋይል አይደለም። የራስህም አይደለም።

ብሩክ፦ ኮንሰልታንቶችም እኮ ይሄን ሕግ ይማሩታል። ለምን አይሆንም?

ማርታ፦ ይማሩታል፣ ጎበዞችም አሉ። ልዩነቱ ምስጢሩ ላይ ነው። ለጠበቃ የነገርከውን ማንም አስገድዶ አያስወጣውም፣ ሕግ ይጠብቀዋል። ኮንሰልታንትም ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፣ ግን የጠበቃው ዓይነት የሕግ ከለላ የለውም። ሄኖክ ሊናገር ያለው ነገር ደግሞ በራሱ ፒአር ላይ የሚመጣ ነው። ጉዳዩ ፌዴራል ፍርድ ቤት ቢደርስም እዚያ የሚቆመው ጠበቃ ብቻ ነው።

ጋሽ ተፈራ፦ ከመጀመሪያው ጠበቃ አላልኩም?

ዮናስ፦ ብለዋል ጋሼ፣ በዚህ ተሸንፌያለሁ። ግን ሁሉም ሰው ሄኖክ አይደለም። አንድ ጊዜ ያገባ፣ ሁሉን በጊዜው ያስመዘገበ ሰው 5,500 ለምን ይክፈል? ደግሞ ጠበቃው ይሄን ዋጋ ሲጠራ ስለ ካርቱም ጠይቆህ ነበር ሄኖክ?

ሄኖክ፦ አልጠየቀኝም። በስልክ አሥር ደቂቃ ነው ያወራነው። እኔም አልነገርኩትም።

ማርታ፦ እንግዲያው ያ ዋጋ የሌላ ሰው ፋይል ዋጋ ነው። ምናልባት ከዚህም ሊበልጥ ይችላል። አሁን ሙሉውን አትክፈል። የአንድ ሰዓት ምክር ብቻ ግዛ፣ ከ200 እስከ 350 ይጠይቁሃል። ስደተኛ ፋይል የሚሠራ ጠበቃ ምረጥ። ከዚያ በፊት የራስህን የ2016 ፋይል ኮፒ ከኢሚግሬሽን ጠይቅ። የግል መረጃህን መጠየቅ ነፃ ነው። ምን ብለህ እንደፈረምክ በትዝታ አትናገር፣ ወረቀቱን ይዘህ ግባ።

ብሩክ፦ እኔ አሁንም 5,500 ብዙ ነው እላለሁ። የሱ ጉዳይ ግን ከበድ ያለ መሆኑን አላወቅኩም ነበር።

ሄኖክ፦ አንዲት የስደተኛ ጠበቃ አገኘሁ። ለአንድ ሰዓት 250 ነው፣ የሚቀጥለው ማክሰኞ። የፋይሉን ኮፒም ዛሬ ማታ በኦንላይን ጠይቄያለሁ፣ እስከዚያ ላይደርስ ይችላል። የማዘጋጃው ቀጠሮ ግን ሌላ ሳምንት ነው፣ ቤተሰብ ተጠርቷል። ምን ላድርግ?

ማርታ፦ ማክሰኞ እስክታያት አትፈርሙ። ማዘጋጃ ላይ የጋብቻ ሁኔታ ይጠየቃል። «ያላገባሁ» ብላችሁ ከፈረማችሁ ሌላ ወረቀት ፈጠራችሁ ማለት ነው። ለቤተሰብ ቀኑ ተገፋ በላቸው። የካርቱሙን የቤተ ክርስቲያን ወረቀት ባለቤትህ ፎቶ አንስታ ትላክልህ፣ ከጀርባው ጭምር።