ጥቆማ፦ ማከማቻው የሞላ ሳምሰንግ ስልክ የት ይዘመን? በሌሊት ጥቅል፣ በዋይፋይ ወይስ በሱቅ?

ጠያቂ፣ ደብረ ብርሃን
ጤና ይስጥልኝ። የእናቴ ስልክ ጋላክሲ ኤ14 ነው፤ ማከማቻው 64 ጊጋባይት። ወደ አንድሮይድ 15 አዘምኑ የሚል መልእክት ከመጣበት ሰነበተ። የሚወርደው ፋይል 2.5 ጊጋባይት ገደማ ሲሆን ባዶው ቦታ ግን 3 ብቻ ነው። ቤታችን ዋይፋይ የለም፤ መብራትም በየጊዜው ይጠፋል። በኢትዮ ቴሌኮም የሌሊት ጥቅል ላውርደው፣ አዲስ አበባ እህቴ ቤት ሄጄ በዋይፋይ ላውርደው ወይስ ሱቅ ልውሰደው? ስልኩ ውስጥ የሟች አባታችን ፎቶዎችና የድምፅ መልእክቶች አሉ። እነሱ ከሚጠፉ ስልኩ እንዳለ ቢቀር እመርጣለሁ። ምትኬውንስ በምን ልያዝ? ሲጫን መካከል ላይ ቢቆምስ?

ከአዳማ
ሱቅ ውሰጂው፤ በኮምፒውተር ስለሚጭኑት ቶሎ ያልቃል። ራስሽ የምትሞክሪ ከሆነ ባትሪው መቶ ሳይሞላ እንዳትጀምሪ፤ ሲጫን ደግሞ ከቻርጀር ንቀዪው፤ ባትሪ ያበላሻል።

ስልክ ጠጋኝ፣ መርካቶ
ወንድሜ ስለ ባትሪው በግማሽ ልክ ነው። መቶ መሙላት ግዴታ አይደለም፤ ከግማሽ በላይ ከሆነና የስልኩ ትክክለኛ ቻርጀር ከተሰካበት በቂ ነው። የሚያሰጋው ስልኩን የሚያግል ርካሽ ቻርጀር ነው። እንዲህ ያለ ከሆነ አስቀድመሽ ሙዪና ንቀዪው።

ማውረድና መጫን ለየብቻ እንደሆኑ ከያዝሽ ግማሹ ጭንቀት ይቀላል። ሲወርድ መብራት ቢጠፋ ወይም ኔትወርክ ቢቋረጥ ስልኩ አይጎዳም፤ ይቆማል፣ በኋላ ይቀጥላል። መጫኑ ደግሞ ኢንተርኔት አይፈልግም። ስለዚህ ለዚህ ብለሽ አዲስ አበባ ድረስ አትድከሚ፤ የሌሊት ጥቅሉ ይበቃሻል። የጥቅሉ መጠን ከፋይሉ ሰፋ ያለ ይሁን፤ ሌሎች መተግበሪያዎችም በዚያው ይጠቀማሉና። ሳፋሪኮም በሰፈራችሁ በደንብ የሚይዝ ከሆነ ዋጋውን አወዳድሪ።

ቦታው ግን አይበቃም። ፋይሉ ከወረደ በኋላ ለመጫንም ቦታ ይፈልጋል፤ እኔ ከፋይሉ ሦስት እጥፍ ባዶ ካላየሁ አልጀምርም። እናትሽ ቴሌግራም ይጠቀማሉ? ከሆነ Settings፣ Data and Storage፣ Storage Usage ብለሽ ግቢ። እንዲህ ባሉ ስልኮች ላይ ብዙ ጊዜ ቦታውን ይዞ የማገኘው የቴሌግራም ቪዲዮ ነው። Clear Cache ስትዪ የሚጠፋው ስልኩ ላይ ያለው ቅጂ ነው፤ ዋናው ሰርቨር ላይ ስላለ መልሶ ይወርዳል። ላኪው ያጠፋው ቪዲዮ ከሆነ ግን አይመለስም፤ ስለዚህ የአባታችሁን ነገር አስቀድመሽ አውጪ። የድምፅ መልእክቶቹ ያሉት በየትኛው መተግበሪያ ነው?

ከባሕር ዳር
እኔ ደግሞ ላፕቶፔ ሲያዘምን መብራት ጠፋና ስከፍተው Undoing changes ብሎ ቆሞ ቀረ። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። ምን ላድርግ?

ስልክ ጠጋኝ፣ መርካቶ
ጥያቄው ስለ ስልክ ነበር፤ ሆኖም ላፕቶፑን አትንኩት፣ ወደ ነበረበት እየመለሰ ነው። ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ያለ ዩፒኤስ መዘመን የለበትም፤ ባዮሱ እየታደሰ መብራት ከጠፋ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል።

ጠያቂ፣ ደብረ ብርሃን
ቴሌግራሙን አየሁት፤ 11 ጊጋባይት ይዟል! የድምፅ መልእክቶቹ ያሉት በዋትስአፕ ነው። ፎቶዎቹን ጎግል ፎቶስ ይይዛቸው ይሆን?

ስልክ ጠጋኝ፣ መርካቶ
ጎግል ፎቶስ ከፍተሽ የመገለጫ ሥዕሉን ንኪ። Backup complete ካላለ አትመኚው። ነፃው 15 ጊጋባይት ለኢሜይልም፣ ለፎቶም፣ ለዋትስአፕ ምትኬም የጋራ ስለሆነ ሲሞላ የፎቶ ምትኬ መያዙን ያቆማል።

ለድምፁ የፋይል መተግበሪያውን ከፍተሽ ይህን ማኅደር እንዳለ ቅጂው፦

```
Android/media/com.whatsapp/WhatsApp/Media/WhatsApp Voice Notes
```

የምትቀጂበት ነገር ከሦስቱ አንዱ ይሁን። የሰው ላፕቶፕ ካገኘሽ በኬብል መቅዳቱ ከሁሉም ይሻላል። ሁለተኛው በስልኩ ቀዳዳ የሚሰካ ፍላሽ ነው። ሚሞሪ ካርድም ይሆናል፤ ኤ14 ቦታ አለው፤ ግን ቀድተሽ ስትጨርሺ አውጥተሽ አስቀምጪው። በርካሽ የሚሸጥ 512 ጊጋባይት የሚል ፍላሽና ካርድ ግን ተጠንቀቂ። ብዙዎቹ ውስጣቸው ትንሽ ነው፤ የፋይሉ ስም ይታያል፣ ሲከፈት ባዶ ነው። ስለዚህ ከቀዳሽ በኋላ ሌላ መሣሪያ ላይ ሰክተሽ ከመጀመሪያው፣ ከመካከሉና ከመጨረሻው እየከፈትሽ የአባትሽን ድምፅ በጆሮሽ ስሚ። የድምፅ ፋይሉ .opus ስለሚል ኮምፒውተሩ እምቢ ካለ በቪኤልሲ ክፈቺው።

ከሪያድ
እህቴ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ለእናቴ ስልክ ስልክላቸው በእኔ ጎግል አካውንት ከፍቼ ነበር። ሲዘመን ዓርማው ላይ ቆሞ ሲቀር ሰፈር ያለ ሱቅ ወሰዱት፤ ሳይጠይቁ ሁሉንም አጠፉት። ከዚያ ስልኩ የቀድሞውን አካውንት ጠየቀ፤ እኔም የይለፍ ቃሉን ረስቼዋለሁ። ፎቶው ሁሉ ሄደ፤ ስልኩም ለረጅም ጊዜ ተቆልፎ ተቀመጠ። የእናትሽ ስልክ በማን ኢሜይል እንደተከፈተ አሁኑኑ እይ።

ስልክ ጠጋኝ፣ መርካቶ
ይህ ትልቅ ምክር ነው። ኢሜይሉን የከፈተው ሻጩ ከሆነና የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ከሌለ፣ ስልኩ ክፍት እያለ ቀይሩት። ከተቆለፈ በኋላ በጣም ይከብዳል።

አሁን ቢቆምስ ላልሽው። Download and install ብለሽ ሲጫን ስልኩ ራሱን አጥፍቶ ይነሣና በመቶኛ ይቆጥራል። አንድ ቁጥር ላይ ረጅም ጊዜ መቆሙ የተለመደ ነው፤ አትንኪው። ከአንድ ሰዓት በላይ ፍንክች ካላለ ድምፅ መቀነሻውንና የጎኑን ቁልፍ ስክሪኑ እስኪጠፋ አንድ ላይ ተጭነሽ ቆዪ፤ ብዙ ጊዜ ይነሣል።

ሳምሰንግ የሚለው ጽሑፍ ላይ እየተመላለሰ ካስቸገረ ስልኩን አጥፍተሽ በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኚው። ከዚያ ድምፅ መጨመሪያውንና የጎኑን ቁልፍ አብረሽ ያዢ፤ ጥቁር ዝርዝር ይመጣል። በድምፅ ቁልፎቹ ትወርጃለሽ፣ በጎኑ ትመርጫለሽ። መጀመሪያ Reboot system now፣ እምቢ ካለ Wipe cache partition። ከአጠገቡ Wipe data/factory reset የሚል አለ፤ እሱ ሁሉንም ያጠፋል፣ እንዳትነኪው።

ከአዳማ
ካሽ ማጥፋቱ እኔን ጠቅሞኝ አያውቅም። ጊዜ ማባከን ነው።

ስልክ ጠጋኝ፣ መርካቶ
አንዳንዱ ይነሣል፣ አንዳንዱ አይነሣም፤ ፎቶ ስለማይነካ ግን መሞከሩ አይጎዳም።

ያም ካልሆነ ነው ሱቅ የሚያስፈልገው። ቅድሚያ ለሳምሰንግ የጥገና ማእከል ስጪ። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል ቢሆን ኖሮ ካርልኬርን እጠቁም ነበር። የሰፈር ሱቅ ከሆነ ስልኩን ከመስጠትሽ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ «ሶፍትዌሩን ስትጭኑ CSC ነው የምትመርጡት ወይስ HOME_CSC?» ሁለተኛው ዳታውን ሳይነካ ነው የሚጭነው፤ የመጀመሪያው ያጠፋዋል። ጥያቄው ካልገባቸው ስልኩን ይዘሽ ውጪ። HOME_CSC ተመርጦም ስልኩ ላይነሣ ይችላል፤ ምትኬውን አስቀድመሽ ያዢ የምልሽም ለዚህ ነው።

ጠያቂ፣ ደብረ ብርሃን
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኢሜይሉን አየሁት፤ እኛ የማናውቀው ስም ነው፣ ሻጩ የከፈተው ይመስላል። የእኛን ኢሜይል ጨምሬ የሱን ባወጣው ፎቶዎቹ ይጠፋሉ?

ስልክ ጠጋኝ፣ መርካቶ
ስልኩ ላይ ያሉት አይጠፉም። በዚያ ኢሜይል ወደ ጎግል ፎቶስ ወጥተው ከስልኩ የተሰረዙ ካሉ ግን ከእጅሽ ይወጣሉ። መጀመሪያ እነሱን አውርጂ፤ የስልክ ቁጥሮችም በዚያው ኢሜይል ተቀምጠው ሊሆን ስለሚችል ወደ ሲም ወይም ወደ ፋይል አውጪያቸው። ከዚያ የራሳችሁን ኢሜይል አስገቢ፣ የሱን አውጪ። ማዘመኑ ሳምንት ቢዘገይ ምንም አይሆንም።