በ2፣ በ3፣ በ5 እና በ7 ሞድ የተከፋፈለ ፖሊኖሚያል በራሽናል ቁጥሮችም ላይ ይከፋፈላል ማለት ነውን?

ጠያቂዋ፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ

ጤና ይስጥልኝ። x^4 - x^2 + 3x + 4 በራሽናል ቁጥሮች ላይ ኢሪዱሲብል መሆን አለመሆኑን እንድንወስን የቤት ሥራ ተሰጥቶናል። ኮፊሸንቶቹን በ2፣ በ3፣ በ5 እና በ7 ሞድ ብቀንሳቸው በአራቱም ተከፋፈለ። ስለዚህ በራሽናልም ላይ ይከፋፈላል ብዬ ልጻፍ?

ከሳቢያን

እንደዚያ ብለሽ አትጻፊ፣ እህቴ። ዲግሪውን ሳይቀንስ በአንድ ፕራይም ሞድ ካልተከፋፈለ በራሽናልም አይከፋፈልም፤ በሞድ መከፋፈሉ ግን ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። እኔ ወደ 11 ሄጄ ነበር፤ x = 2 ሲሆን 22 ስለሚመጣ እዚያም ይከፋፈላል። በ13 ሞድ ግን አሥራ ሦስቱንም ቁጥሮች አንድ በአንድ ተክቼ ዜሮ የሚያደርገው አላገኘሁም፤ ስለዚህ ኢሪዱሲብል ነው። ኢሪዱሲብል የሆነ ፖሊኖሚያል ሁሉ ፈጠነም ዘገየም በአንዱ ፕራይም ላይ ሳይከፋፈል ይገኛል።

አልጀብራ የሚያስተምር፣ ድሬዳዋ

የወንድማችን መደምደሚያ ትክክል ነው፤ ምክንያቱ ግን አልተሟላም። ዜሮ የሚያደርገው ቁጥር መጥፋቱ የሚበቃው ዲግሪው 2 ወይም 3 ሲሆን ነው። ዲግሪው 4 ሲሆን ሁለት ባለ ዲግሪ 2 ፋክተሮች ተደብቀው ሊኖሩ ይችላሉ፤ በ13 ሞድ እነዚህ አለመኖራቸውን ለብቻው ማጣራት ያስፈልጋል። አጣርቼዋለሁ፤ የሉም።

ይሁንና እስከ 13 መሄድ አላስፈለገም ነበር፤ ጠያቂዋ መልሱን በ2 እና በ3 ላይ ይዛው አልፋለች። በሞድ ስንሠራ መከፋፈሉን ብቻ ሳይሆን በምን ዓይነት ዲግሪዎች እንደተከፋፈለ መጻፍ አለብን።

በ2 ሞድ፦ x^4 + x^2 + x = x(x^3 + x + 1)። ባለ ዲግሪ 3ቱ 0ም ሆነ 1 ሲተካበት 1 ስለሚሰጥ ከዚያ በላይ አይከፋፈልም። ዲግሪዎቹ 1 እና 3 ናቸው።

በ3 ሞድ፦ -1 ወደ 2፣ 3 ወደ 0፣ 4 ወደ 1 ስለሚለወጡ x^4 + 2x^2 + 1 = (x^2 + 1)^2 ይሆናል። x^2 + 1 ደግሞ በ0፣ በ1 እና በ2 ላይ ዜሮ አይሆንም። ዲግሪዎቹ 2 እና 2 ናቸው።

አሁን ፖሊኖሚያሉ በራሽናል ላይ ተከፋፈለ እንበል። በጋውስ ሌማ መሠረት ፋክተሮቹ ኮፊሸንታቸው ድፍን ቁጥር፣ መሪ ኮፊሸንታቸውም 1 እንዲሆን ማድረግ ስለሚቻል በሞድ ሲቀነሱ ዲግሪያቸውን ይጠብቃሉ። አንዱ ዲግሪ 1 ከሆነ በ3 ሞድ ባለ ዲግሪ 1 ፋክተር መታየት ነበረበት፤ አልታየም። ሁለቱም ዲግሪ 2 ከሆኑ በ2 ሞድ ከ1 እና ከ3 ዲግሪ 2 የሆነ ፋክተር መሰብሰብ ነበረበት፤ አይቻልም። ሌላ መንገድ ስለሌለ ኢሪዱሲብል ነው።

«ሁሉም በአንዱ ፕራይም ላይ ይገኛል» የሚለውን ግን መተው ይገባል። x^4 + 1 በራሽናል ላይ ኢሪዱሲብል ነው፤ x በ x + 1 ሲተካ x^4 + 4x^3 + 6x^2 + 4x + 2 ስለሚሆን በ2 የአይዘንስታይንን መመዘኛ ያሟላል። ሆኖም በየትኛውም ፕራይም ሞድ ይከፋፈላል፤ ለምሳሌ በ5 ሞድ (x^2 + 2)(x^2 + 3) ነው።

የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ ሐረር

እኔም በዚህ ዘዴ ተሳስቼ ስለማውቅ ልጨምር። ለተማሪዎቼ 2x^3 + 3x^2 + 3x + 1 ሰጥቼ በ2 ሞድ x^2 + x + 1 ስለሆነና ይህም ስለማይከፋፈል ኢሪዱሲብል ነው ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍሁ። አንዲት ተማሪ ተነሥታ (2x + 1)(x^2 + x + 1) ብላ አባዝታ አሳየችኝ። ዘዴው ልክ አይደለም ማለት ነው?

አልጀብራ የሚያስተምር፣ ድሬዳዋ

ዘዴው ልክ ነው፣ መምህር፤ የተመረጠው ፕራይም ነው ያልሆነው። 2 መሪውን ኮፊሸንት ስለሚያካፍል ዲግሪው ከ3 ወደ 2 ወረደ፤ 2x + 1ም 1 ሆኖ ከዓይን ጠፋ። መሪውን ኮፊሸንት የሚያካፍል ፕራይም አይመረጥም። የእጅ ሥራዎን በPARI/GP ለማመሳከር፦

```
f = x^4 - x^2 + 3*x + 4;
factormod(f, 2)
factormod(f, 3)
```

ጠያቂዋ፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለጓደኛዬ የደረሰው x^4 - 10x^2 + 1 ነው፤ እስከ 23 ድረስ በሁሉም ተከፋፈለበት። x + 1 ተክተን ብንሞክርም የመጨረሻው ቁጥር -8 ሆነ፤ ለ4 ስለሚካፈል አይዘንስታይን አልሠራም። እንዲህ ያለውን አስቀድሞ መለየት ይቻላልን?

አልጀብራ የሚያስተምር፣ ድሬዳዋ

ይህም በየፕራይሙ ከሚከፋፈሉት ነው፤ ሞዱን ይተወው። 1 እና -1 ዜሮ አያደርጉትም፤ ስለዚህ (x^2 + ax + b)(x^2 - ax + c) ብሎ ይሞክር። bc = 1 ስለሆነ b እና c ሁለቱም 1 ወይም ሁለቱም -1 ናቸው፤ a^2 ደግሞ 12 ወይም 8 ይሆናል፤ ሁለቱም የድፍን ቁጥር ካሬ አይደሉም።

ከሳቢያን

እኔ አራት አምስት ፕራይም ሞክሬ ዲግሪዎቹ ሁልጊዜ 2 እና 2 ወይም ከዚያ ያነሱ ከሆኑ መጠርጠር እጀምራለሁ። ስድስተኛው ላይ 1 እና 3 እንደማይመጣ ግን ማረጋገጫ የለኝም፤ የሚያውቅ ቢኖር ቢጽፍልን።