ያው ፈንድ በዶላርም በዩሮም ይሸጣል፤ ሁለቱንም ብገዛ ስጋቴን በተንኩ ማለት ነው?

ማህሌት (ጠያቂ)

ደመወዜም ቤቴም በአገሬ ገንዘብ ነው። ገንዘባችን ደግሞ በየዓመቱ ይወርዳል፤ አንዳንዴም በአንድ ሌሊት። ሕጋችን ስለሚፈቅድ ውጭ አገር ባለ ብሮከር አካውንት ከፍቻለሁ። ያጠራቀምኩት 1,000,000 ነው። የወር ወጪዬ 20,000 ሲሆን በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ 180,000 የትምህርት ክፍያ አለብኝ። አንድ የዓለም አክሲዮን ፈንድ መርጫለሁ፤ ግን ያው ፈንድ በዶላርም በዩሮም ይሸጣል። ግማሹን በዶላር፣ ግማሹን በዩሮ ብገዛ የምንዛሪ ስጋቴን በተንኩት ማለት ነው? ደግሞስ ስንቱን ላውጣ?

ናቲ

ማሂ፣ ነገሩን አታወሳስቢው። እዚያው አገርሽ ባንክ የዶላር አካውንት ክፈቺና ገንዘቡን ቀይረሽ አስቀምጪ። የአገርሽ ገንዘብ ቢወርድም ዶላርሽ ዶላር ነው። እኔ ስድስት ዓመት እንዲህ አድርጌ አንድም ቀን አልቆጨኝም።

ኪዳኔ

ዶላርና ዩሮ መገበያየት ከፈለግሽ በትንሽ ጀምሪ። እኔ ያስያዝኩትን ገንዘብ በብድር አሥር እጥፍ አድርጌ ስገበያይ ዋጋው 10 በመቶ ወደ ማልፈልገው አቅጣጫ ሲሄድ ያስያዝኩት ሁሉ አለቀ።

ማህሌት

አመሰግናለሁ ኪዳኔ፣ ላንተም አዝኛለሁ። ግን እኔ ምንዛሪ መነገድ አይደለም የፈለግኩት። ገዝቼ ለዓመታት ላስቀምጠው ነው።

ጋሽ ታደሰ

ማህሌት ልጄ፣ አልበተንሽም። በሁለቱም ገበያ የምትገዢው አንድ ዕቃ ነው። ዋጋው የተጻፈበት ገንዘብ እንደ ሜትርና እንደ ክንድ መለኪያ ብቻ ነው። ጨርቁን አያረዝመውም፣ አያሳጥረውም።

በቁጥር እንየው። ለአያያዝ እንዲቀለን ፈንዱ 60 በመቶ የአሜሪካ፣ 40 በመቶ የዩሮ አገሮች አክሲዮን ይዟል እንበል። አንድ ዩሮ 1.25 ዶላር ነው። አንዱ ድርሻ በዶላር 100፣ በዩሮ 80 ይሸጣል። ከፍተሽ ብታይው ውስጡ 60 ዶላር የአሜሪካ አክሲዮንና 32 ዩሮ የአውሮፓ አክሲዮን አለ።

አሁን ዶላር ተዳከመና አንድ ዩሮ 1.50 ዶላር ገባ። አክሲዮኖቹ በየራሳቸው ገንዘብ ንቅንቅ አላሉም። የአሜሪካው ያው 60 ዶላር ነው። 32ቱ ዩሮ ግን 48 ዶላር ሆነ። በዶላር የገዛ ሰው ስክሪኑ ላይ 108 ያያል፤ ደስ ይለዋል። በዩሮ የገዛው 72 ያያል፤ ይደነግጣል። 72ቱን ዩሮ በ1.50 አባዢው። 108 ዶላር ነው። ሁለቱም ሸጠው ወደ አገራቸው ገንዘብ ቢመልሱት እኩል ነው የሚደርሳቸው።

ስለዚህ የምንዛሪ ስጋትሽን ማወቅ ከፈለግሽ የፈንዱን መግለጫ ክፈቺና አክሲዮኖቹ በየትኞቹ አገሮች እንደተከፋፈሉ እዪ። በገበያ ዋጋ የሚመዘኑት የዓለም ፈንዶች አሁን ከግማሽ በላይ አሜሪካ ናቸው። "ዓለም" የሚለው ስም አያታልልሽ። አሜሪካ በዛብኝ ካልሽ መድኃኒቱ ያንኑ ፈንድ በዩሮ መግዛት አይደለም። የሌሎች አገሮችን አክሲዮን የያዘ ሌላ ፈንድ ከጎኑ መጨመር ነው።

ከሁለቱ የትኛውን ልግዛ ካልሽ ብሮከሩ ጋ ገንዘብሽ በሚደርስበት ምንዛሪ የሚሸጠውን ያዢ። ዶላር ልከሽ የዩሮውን ብትገዢ መንገድ ላይ አንድ ተጨማሪ የቅየራ ክፍያ ትከፍያለሽ፤ የምታገኚበት ነገር ግን የለም። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። ስሙ ላይ Hedged የሚል ካለበት ያ በእርግጥ ሌላ ዕቃ ነው፤ የምንዛሪውን መዋዠቅ በውል የዘጋ ነው።

ናቲ፣ ግማሹን ልክ ብለሃል። የገንዘቡን ስጋት ቀንሰሃል፤ የአገሩን ግን እንዳለ ነው የተውከው። አርጀንቲና እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2001 ከባንክ የሚወጣውን ገንዘብ በሳምንት 250 ፔሶ ላይ ገደበች። በ2002 መጀመሪያ ደግሞ የዶላር ተቀማጮች በግድ ወደ ፔሶ ተቀየሩ፤ ለአንድ ዶላር 1.40 ፔሶ ታስቦ። በዚያው ዓመት አጋማሽ ገበያው ላይ ዶላር ከ3 ፔሶ በላይ ነበር። ሊባኖስ ውስጥም ከ2019 መገባደጃ ጀምሮ ባለ ዶላሮች ዶላራቸውን ከባንክ ማውጣት አቃታቸው። ወረቀቱ ላይ ዶላር ይላል፤ መስኮቱ ጋ ስትደርስ ግን የለም። ስድስት ዓመት ሳይቆጭህ መቅረቱ ስጋቱ የለም ማለት አይደለም ወንድሜ፤ ገና አልመጣም ማለት ነው።

ዳዊት

ጋሽ ታደሰ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሁሉም ሰው የአገር ውስጡን ወለድ ይረሳዋል። እኔ ጋ ባንክ በዓመት 18 በመቶ ይከፍላል። ዶላር 18 በመቶ ካልጨመረ አሸናፊው እኔ ነኝ። ዓለም ፈንድ ምናምን ሳልል ሦስት ዓመት አትርፌያለሁ።

ሰናይት

ማህሌት፣ ብድር አለብሽ ወይ? ብድርሽስ በምን ገንዘብ ነው? ይህን ካልመለስሽ "ስንት ላውጣ" የሚለው አይመለስም።

እኔ ወለዱ ዝቅ ስላለ ብቻ የቤት ብድር በዶላር ወሰድኩ። ደመወዜ በአገሬ ገንዘብ ነው። የወር ክፍያዬ 400 ዶላር ነበር። አንድ ዶላር 50 በነበረ ጊዜ 20,000 እከፍላለሁ። ከአራት ዓመት በኋላ ዶላር 80 ገባ፤ ያው 400 ዶላር 32,000 ሆነ። ደመወዜ ግን አልተከተለውም። አንድ ጠዋት ባንኩ የላከልኝን መልእክት ከፍቼ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ እንዳነበብኩት አስታውሳለሁ፤ የተሳሳቱ መስሎኝ። በኋላ ሳነብ በስዊስ ፍራንክ የተበደሩ የፖላንድ ቤተሰቦችም እ.ኤ.አ. ጥር 2015 ፍራንኩ በአንድ ቀን ሽቅብ ሲተኮስ እንዲህ እንደሆኑ አየሁ። የውጭ ምንዛሪ ብድር ያለበት ሰው መጀመሪያ መያዝ ያለበት ያንኑ ምንዛሪ ነው።

ማህሌት

ይቅርታ ሳልጽፈው ቀርቼ። የቤት ብድር አለብኝ፤ ግን በአገር ውስጥ ገንዘብ ነው፤ ወለዱም የተወሰነ ነው፤ አይቀየርም።

ጋሽ ታደሰ

ሰናይት የጠየቀችው ትልቅ ጥያቄ ነው። ማህሌት፣ ያንቺ ብድር እንዲያውም ይጠቅምሻል። ገንዘቡ ሲወርድ ዕዳውም አብሮ ይቀልላል፤ ደመወዝሽ ትንሽም ቢሆን ከፍ እያለ ከሄደ። እሱን ቶሎ ለመክፈል አትጣደፊ።

ዳዊት፣ ስሌትህ ትክክል ነው። ዶላር ከ50 ወደ 55 ብቻ ከሄደ ያንተ 18 በመቶ በልጦታል። ወደ 60 ከሄደ ግን 20 በመቶ ነውና በዶላር ስታየው ወደ 2 በመቶ ገደማ ከስረሃል። ችግሩ ሌላ ጋ ነው። መንግሥት ምንዛሪውን አንቆ ሲይዘው ለዓመታት ጸጥ ይላል፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። የግብፅ ፓውንድ እ.ኤ.አ. ኅዳር 3 ቀን 2016 ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ9 ፓውንድ በታች ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ 18 አካባቢ ደረሰ። ያን ያህል ዝላይ በ18 በመቶ ለመካካስ ከአራት ዓመት በላይ ወለድ ያስፈልግሃል። ሦስቱ ጥሩ ዓመቶችህ ይህን አይነግሩህም።

ያም ሆኖ ዳዊት ያለው ቦታ አለው፤ አገር ውስጥ ለሚቀረው ገንዘብ። ማህሌት፣ የስድስት ወር ወጪሽ 120,000 ነው። የትምህርት ክፍያው 180,000። እነዚህ የሚከፈሉት በአገርሽ ገንዘብ ስለሆነ 300,000ው እዚያው ወለድ በሚከፍል አካውንት ይቀመጥ። እሱን አክሲዮን ውስጥ ካስገባሽው ክፍያው በደረሰ ሰሞን ገበያው ወድቆ ልታገኚው ትችያለሽ። እ.ኤ.አ. ከ2007 መጨረሻ እስከ 2009 መጀመሪያ የዓለም አክሲዮን በዶላር ከግማሽ በላይ ወርዷል። የትምህርት ክፍያው በዶላር ከሆነ ግን 180,000ውን ዛሬውኑ ዶላር አድርጊው።

የቀረው 700,000 ነው። እኔ ብሆን ብዙውን አወጣ ነበር። ምክንያቴ ደመወዝሽና ቤትሽ ሁለቱም ከአገርሽ ጋር የታሰሩ ናቸው። አገሩ ሲታመም ሥራሽም፣ የቤትሽ ዋጋም፣ ገንዘብሽም አንድ ላይ ነው የሚታመሙት። ውጭ ያለው ገንዘብሽ ከእነሱ ጋር እንዳይታመም ነው የምትለፊው። ሁሉንም ግን አክሲዮን አታድርጊው። ከፊሉን በተረጋጋ ምንዛሪ የሚከፈል የአጭር ጊዜ የመንግሥት ቦንድ አድርጊ፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ሳትከስሪ የምትሸጪው ያንን ነው።

ሒሩት

ብሮከር ቤት ሠርቻለሁና ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ፈንዱ የተመዘገበው የት አገር ነው? ዋጋው የተጻፈበትን ምንዛሪ አይደለም የምጠይቅሽ፤ ውስጡ ያሉትን አክሲዮኖችም አይደለም። ምዝገባው ሦስተኛ ጉዳይ ነው።

አሜሪካ የተመዘገበ ፈንድ የያዘ፣ የአሜሪካ ዜጋም ነዋሪም ያልሆነ ሰው ቢሞት፣ እዚያ ያለው ንብረት ከ60,000 ዶላር ካለፈ ከዚያ በላይ ባለው ላይ የአሜሪካ የውርስ ግብር ይመጣል። እስከ 40 በመቶ ይደርሳል። አገርሽ ከአሜሪካ ጋር የውርስ ግብር ስምምነት ካላት ሊለወጥ ይችላል፤ ግን አብዛኞቹ አገሮች የላቸውም። እነዚያኑ የአሜሪካ አክሲዮኖች የያዘ አየርላንድ የተመዘገበ ፈንድ ግን እዚህ ግብር ውስጥ አይገባም። የትርፍ ድርሻ ላይም ልዩነት አለ። ስምምነት ለሌለው አገር ነዋሪ አሜሪካ 30 በመቶ ትቆርጣለች፤ የአየርላንዱ ፈንድ ከአሜሪካ ኩባንያዎች ሲቀበል ግን 15 በመቶ ነው የሚቆረጥበት።

ለማወቅ ብዙ አትድከሚ። የፈንዱ ገጽ ላይ ISIN የሚል ቁጥር አለ። የመጀመሪያ ሁለት ፊደሎቹን እዪ። IE ከሆነ አየርላንድ፣ LU ከሆነ ሉክሰምበርግ፣ US ከሆነ አሜሪካ ነው።

ናቲ

ጋሽ ታደሰ፣ የአርጀንቲናውን አላውቅም ነበር። ከዛሬ ጀምሬ ግማሹን ላወጣው ነው። ግን 700,000ውን በአንዴ ትላክ ነው የሚሉት? ነገ የአገሯ ገንዘብ ቢያገግምስ?

ጋሽ ታደሰ

በአንዴ ነው የምለው። አክሲዮኑን ቀስ እያለች ትግዛ፤ ምንዛሪውን ግን አትጠብቅ።

ሒሩት

እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። በየወሩ በስድስት ከፍላ ብትልክ አንድ መጥፎ ቀን ላይ አትወድቅም። ግን ብሮከሩ ወይም ባንኩ ለእያንዳንዱ ዝውውር ቋሚ ክፍያ የሚያስከፍል ከሆነ ስድስት ጊዜ መክፈሏን ታስላው።

ዳዊት

ስድስት ወር ደግሞ 18 በመቶው ይሠራልሻል። እኔ ከሒሩት ጋር ነኝ።

ማህሌት

አሁን ገብቼ አየሁት። ቁጥሩ በ IE ነው የሚጀምረው፤ እፎይ አልኩ። ባንኬ ለአንድ ዝውውር 45 ዶላር ይቆርጣል፤ ስለዚህ ስድስት ጊዜ ሳይሆን በሁለት ጊዜ ልልከው ነው። የዩሮውን ትቻለሁ። ቦንዱ ላይ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ ጋሽ ታደሰ። ያገኘሁት የቦንድ ፈንድ የብዙ አገሮች ነው፤ አንዱ Hedged ነው፣ አንዱ አይደለም። ለአክሲዮኑ Hedged ተይ ካሉኝ ለቦንዱስ?

ጋሽ ታደሰ

ለአክሲዮኑ ተይ አላልኩሽም፤ ሌላ ዕቃ ነው ነው ያልኩት። ለቦንዱ እኔ በዶላር የተዘጋውን ነው የምይዘው። ቦንድ የሚያስገኘው ትንሽ ስለሆነ የምንዛሪው ውዝዋዜ ሙሉ በሙሉ ይውጠዋል፤ ያኔ የያዝሽው ቦንድ መሆኑ ይቀርና ምንዛሪ ይሆናል። ሒሩት ግን ሌላ የምትለው እንዳላት ይሰማኛል።

ሒሩት

አለኝ። የተዘጋው በዶላር ከሆነ በቦንዱ በኩል ሙሉ በሙሉ ዶላር ላይ ነው የቆምሽው። አክሲዮንሽም ከግማሽ በላይ አሜሪካ ነው። መበተን ብለሽ የጀመርሽው አንድ ገንዘብ ላይ ተሰበሰበ። እኔ የቦንዱን ከፊል ሳልዘጋው እተው ነበር።