ስዊድን ከመጣን ወዲህ የልጄ 3፡1 ሬሾ አልገጥም አለኝ

የልጅ እናት፣ ጎተንበርግ፦ ሰላም ወገኖች። ልጄ ለሚጥል በሽታው በሐኪም ክትትል የኬቶ ምግብ ነው የሚበላው፣ ሬሾው 3፡1። አሜሪካ ሳለን ከካርቦሃይድሬቱ ፋይበሩን ቀንሺ ተብዬ ነበር። እዚህ የገዛሁት የአልሞንድ ዱቄት ግን በ100 ግራም ካርቦሃይድሬት 7፣ ፋይበር 11 ይላል። ከዜሮ በታች ሲሆንብኝ ዜሮ ብዬ ያዝኩት። ሰሞኑን ኬቶኑ ዝቅ ብሏል፤ ከዚህ ይሆን?

ዳላስ ያለሁት፦ አይዞሽ እህቴ። ከካሎሪው 75 በመቶው ከስብ ከመጣ 3፡1 ነው። እኔም ክብደት የቀነስኩት በዚሁ ነው።

የምግብ ባለሙያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ወንድሜ፣ ያንተ ለክብደት ነው። ይሄኛው የሚሰላው በግራም ነው፤ ስቡ ለፕሮቲንና ለካርቦሃይድሬት ድምር ይካፈላል። ስብ በግራም 9 ካሎሪ፣ ሌሎቹ 4 ስለሚሰጡ በ3፡1 ላይ ከስብ የሚመጣው 87 በመቶ ገደማ ይሆናል። 75 በመቶ ካልክ 1.3፡1 ላይ ነህ።

እህቴ፣ አሜሪካ ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው ካርቦሃይድሬት ፋይበሩንም ይጨምራል። አውሮፓ ግን ፋይበሩ አስቀድሞ ወጥቶ፣ ለብቻው ነው የሚጻፈው። ስለዚህ ሁለቴ ቀንሰሻል። ፋይበሩ ከካርቦሃይድሬቱ መብለጡ ራሱ ይህን ያሳብቃል። ሙሉ ምግቡን ላኪልኝ።

የልጅ እናት፦ ዱቄቱ 20 ግራም፤ በ100 ስቡ 52፣ ፕሮቲኑ 21። እንቁላል 50 ግራም፣ ቤት ያነጠርኩት ቅቤ 17 ግራም።

የምግብ ባለሙያ፦ ዱቄቱ ስብ 10.4፣ ፕሮቲን 4.2፣ ካርቦሃይድሬት 1.4 ይሰጣል። እንቁላሉን ስብ 5፣ ፕሮቲን 6.3፣ ካርቦሃይድሬት 0.3 እንበለው። ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬቱ ሲደመሩ 12.2 ናቸው፤ በ3 ሲባዛ 36.6 ግራም ስብ ያስፈልጋል። ንጥር ቅቤ ከሞላ ጎደል ንጹህ ስብ ስለሆነ ያንቺ ጠቅላላ ስብ 32.4 ነው።

```
32.4 / 12.2 = 2.66
```

የጎደለው 4.2 ግራም ስብ ነው።

ፍራንክፈርት፦ ንጥር ከሌላት የሱቅ ቅቤ በዚያው ልክ ታድርግ?

የምግብ ባለሙያ፦ አይሆንም፤ የሱቅ ቅቤ ውሃ አለበት፣ ስቡ 82 በመቶ ገደማ ነው። 17 ግራሙ 14 ያህል ስብ ብቻ ይሰጣል፣ ሬሾውም ወደ 2.4 ይወርዳል። ካልተነጠረው 26 ግራም ገደማ ትፈልጋለች።

ፍራንክፈርት፦ የእኛ ልጅ ኬቶን የወረደው በሽሮፕ መድኃኒት ስኳር ነበር። የምግቡ ሒሳብ ትክክል ነበር።

የልጅ እናት፦ የሱም ሽሮፕ በቅርቡ ተቀይሯል! ታዲያ ከሁለቱ የትኛው ነው?

የምግብ ባለሙያ፦ ከዚህ ሆኜ መለየት አልችልም። ዛሬውኑ ለክሊኒኩ ደውይ፣ የሽሮፑን ስምና ይህንን ስሌት አንብቢላቸው። እነሱ ሳያዩት ቅቤውን አትጨምሪ፤ ካሎሪውም አብሮ ይጨምራል። መድኃኒቱንም በራስሽ አታቋርጪ።