ከሰባት ደንበኞች የትኞቹን ልከተል?

የመጋዘን ዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር መሸጥ ከጀመርን ስምንት ወር ሆነን። ሰባት ደንበኞች በየወሩ ይከፍላሉ። የአጠቃቀም መዝገቡን ስመረምር ግን በየቀኑ የሚገቡት ሦስቱ ብቻ ናቸው፤ አራቱ ወሩን ሙሉ አልከፈቱትም። ክፍያቸው ባለመቋረጡ ብዙ ጊዜ ተታልያለሁ።

ሦስቱም መድኃኒት አከፋፋዮች ናቸው። የሚከፍቱትም አንድ ገጽ ነው፤ የአገልግሎት ጊዜያቸው ሊያበቃ የተቃረበ መድኃኒቶችን የሚዘረዝረውን። ባለፈው ሳምንት ሲስተሙ ለሁለት ሰዓት ሲቋረጥ አንዲት የመጋዘን ኃላፊ ሦስት ጊዜ ደወለችልኝ፤ ከአራቱ ማንም አላስተዋለም። «ምርቱን ብታጡት ምን ያህል ይከፋችኋል?» የሚለውን የታወቀ መጠይቅም አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ከሰባት መልስ መቶኛ ማውጣት ምን ይነግረኛል?

የሚያስጨንቀኝ ሦስቱም በትውውቅ የመጡ መሆናቸው ነው። ስለዚህ የማላውቃቸውን 20 አከፋፋዮች በአካል ሄጄ፣ ያንን ገጽ ብቻ አሳይቼ፣ የመጀመሪያውን ወር ክፍያ ልጠይቅ አስቤአለሁ። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፦ ከ20ው ስንቱ ቢከፍሉ ሌላውን ገበያ ትቼ በዚህ ልጽና? አራቱንስ ላሰናብት ወይስ ለምን እንደተዉት ልጠይቃቸው? በእጃችን ያለው ገንዘብ የአምስት ወር ነው።